ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚጻፍ የፈቃድ ደብዳቤ

ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ማክሰኞ ዕለት ዱባይ ላይ የወረደው ዝናብ፣ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገሪቱ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። የአውሮፕላን መንደርደሪያው ሜዳ በውኃ ተጥለቀለቀ። በርካታ በረራዎች ተሰረዙ፤ መንገደኛውም ሻንጣውን ተንተርሶ ወለል ላይ አደረ። ከአዲስ አበባ ለእረፍት፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለዕቃ ግዢ ዱባይ ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ በመሆኑ፣ በዚያ ሰልፍ ውስጥ «ነገ ሥራ እገባለሁ» ብሎ የነበረ ኢትዮጵያዊ አይጠፋም።

እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ለቅርብ አለቃው ደውሎ ወይም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ልኮ መናገር ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። አለቃው «አይዞህ፣ ችግር የለም» ቢልም፣ የወሩን ደመወዝ የሚሠራው ክፍል የሚያየው የሰዓት መቆጣጠሪያውን መዝገብ ነው። እዚያ ከስሙ ትይዩ «ፈቃድ» ወይም «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ቀላል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀናት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። አንድ በረራ ተሰርዞ ብቻ እዚያ ላይ ላይደረስ ይችላል፤ ሆኖም ደብዳቤ ያልተጻፈባቸው ሦስት «ቀሪ» ቀናት ማኅደር ውስጥ ይቀመጣሉ። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ ቁጥሩን ከራሳቸው መሥሪያ ቤት ያጣሩ፤ የደብዳቤው አጻጻፍ ግን አይለይም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት አምስት ዓመት ያገለገለች የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። የዓመት ፈቃዷን ይዛ ዱባይ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳለች። ማክሰኞ ተመልሳ ረቡዕ ጠዋት ሥራ መግባት ነበረባት። በረራው ተሰረዘና ለቅዳሜ ሚያዝያ 12 አዲስ ትኬት ተቆረጠላት።

ደብዳቤዋን ከመጻፏ በፊት መቁጠር አለባት። ረቡዕ፣ ሐሙስ እና ዓርብ ሦስት ቀን ናቸው። ድርጅቷ ቅዳሜ እስከ ቀትር ስለሚሠራ ግማሽ ቀን ይጨመራል። እሑድ ዕረፍት ነው፤ ሰኞ ሚያዝያ 14 ትገባለች። የምትጠይቀው እንግዲህ ሦስት ቀን ተኩል ነው። በድንጋጤ «አንድ ሳምንት ይሰጠኝ» ብትል ኖሮ ከቀሪ ፈቃዷ ያለአግባብ ቀን ይቆረጥባት ነበር፤ «ጥቂት ቀናት» ብትልም የሰው ኃይል ክፍሉ መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር አያገኝም።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ከየትኛው ፈቃድ ይታሰብ የሚለው ነው። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ጭማሪ ስለሚሰጥ፣ የእርሷ ፈቃድ 18 ቀን ነው። አሥሩን ተጠቅማለች፤ ስምንት ይቀራታል። ሦስት ቀን ተኩሉ ከዚህ ቢቀነስ ደመወዟ አይነካም፤ አራት ቀን ተኩልም ይተርፋታል። የዓመት ፈቃዷ አልቆ ቢሆን ኖሮ አንቀጽ 81 ሌላ መንገድ ያሳያል፤ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ያጋጠመው ሠራተኛ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ያገኛል፤ ይህም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። «ልዩና አሳሳቢ» የሚባለው ምን እንደሆነ ግን አዋጁ አልዘረዘረም። የበረራ መሰረዝ በዚህ ውስጥ መግባቱን አሠሪው የሚያምነው በማስረጃው ነው።

ማስረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ የቀድሞው ትኬት፣ የስረዛው መልእክት እና አዲሱ ትኬት። አየር መንገዱ ቆጣሪ ላይ ሲጠየቅ በረራው መሰረዙን የሚገልጽ ማረጋገጫ የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ትኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ኤፕሪል 16 ይላል፤ የድርጅቱ ፋይል ሚያዝያ 8 ይላል። ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን ካልተጻፈ፣ ፋይሉን የሚያገላብጠው ሰው ማመሳከር ያስቸግረዋል።

እንግዲህ ደብዳቤዋ ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለድርጅቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በበረራ መሰረዝ ምክንያት የሦስት ቀን ተኩል ተጨማሪ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ

በዓመት ፈቃድ ላይ ቆይቼ ረቡዕ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ሥራ መግባት ነበረብኝ። ሆኖም ዛሬ ሚያዝያ 8 (ኤፕሪል 16) ከዱባይ የምመለስበት በረራ በከባድ ዝናብ ምክንያት ተሰርዟል። አየር መንገዱ የሰጠኝ አዲስ በረራ ቅዳሜ ሚያዝያ 12 (ኤፕሪል 20) ነው። ስለዚህ ከረቡዕ ሚያዝያ 9 እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀትር ድረስ ያለው ሦስት ቀን ተኩል ከቀሪው የዓመት ፈቃዴ ታስቦ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሰኞ ሚያዝያ 14 ጠዋት ሥራዬ ላይ እገኛለሁ።

ሥራዬን ተክቶ የሚሠራው ባልደረባዬ እስከዚያው ለመቀጠል ተስማምቷል። የመጋቢት ወር የቫት ሪፖርት ደጋፊ ሰነዶች በእርሱ እጅ ናቸው። በረራው ዳግም ከተለወጠ በዚያው ዕለት በጽሑፍ አሳውቃለሁ።

የቀድሞውንና የአዲሱን ትኬት እንዲሁም የስረዛውን መልእክት አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ

ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊ

ደብዳቤው ስለ ዝናቡ ብዙ አላወራም። ወለል ላይ ማደርም፣ ብርዱም፣ የሰልፉ ርዝመትም አልተነሳም፤ ውሳኔ ሰጪው የሚፈልገው የሚፈቅደውን ቀን ቁጥር፣ የሚቀነስበትን ፈቃድ እና ሥራውን ማን እንደያዘው ነውና። ባልደረባዋ ተስማምቷል ብላ ከመጻፏ በፊት ግን ደውላ ጠይቃዋለች።

ወረቀት ከተገኘ በእጅ ጽፎና ፈርሞ ፎቶውን መላክ ይቻላል፤ ካልተገኘ ኢሜይል ይበቃል። ዋናው ነገር ረቡዕ ጠዋት የሥራ ሰዓት ከመግባቱ በፊት መድረሱ ነው። መላክ ግን መፈቀድ አይደለም። የዓመት ፈቃድ የሚወጣው አሠሪው በሚይዘው ፕሮግራም ስለሆነ «ፈቅደናል» የሚል የጽሑፍ መልስ ያስፈልጋል። አለቃው በስልክ ብቻ ከፈቀደ፣ «ዛሬ በስልክ እንደፈቀዱልኝ ሰኞ ሚያዝያ 14 እገባለሁ፤ አመሰግናለሁ» ብሎ አጭር መልእክት መላክ ቃሉን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል።

አንዳንዱ ፈቃድ እንዳይከለከል ፈርቶ የሐኪም ወረቀት ያፈላልጋል። ይህ እውነተኛውን ችግር ወደ ጥፋት ይለውጠዋል። በረራው የተሰረዘው በእርሱ ጥፋት አይደለም፤ ሐሰተኛ ማስረጃው ግን የራሱ ሥራ ነው፤ ሲታወቅም የሚያስጠይቀው እርሱኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ይህች ሠራተኛ ወደ ጠረጴዛዋ ከመሄዷ በፊት መዝገብ ቤት ትገባለች። ዋናውን ደብዳቤ ከቅዳሜው የመሳፈሪያ ወረቀት ጋር ታስረክባለች፤ በእጇ በሚቀረው ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን ታስጽፋለች። ከዚያ የሰዓት መቆጣጠሪያውን መዝገብ ገልጣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ባለው መስመር ከስሟ ትይዩ «ፈቃድ» መባሉን ታያለች፤ «ቀሪ» ተብሎ ከሆነም የወሩ ደመወዝ ሳይሠራ ለማሳረም ቅጂው በእጇ ነው።