ዓመቱ ሲዞር ቁጥሩ አይዙር

የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ድርጅት አለ እንበል። ዋናው ሱቅ መርካቶ ነው፤ ሐዋሳና ባሕር ዳር ቅርንጫፎች ከፍቷል። ሦስቱም ሱቆች ከ1 ጀምረው ደረሰኝ ይቆርጣሉ፤ መስከረም ሲጠባ ሁሉም ወደ 1 ይመለሳሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥር 250 የሆኑ ዘጠኝ ደረሰኞች ይኖራሉ። ደንበኛ ደውሎ «በ250 ቁጥር የገዛሁትን ቆርቆሮ ልመልስ» ቢል ሂሳብ ክፍሉ ዘጠኙንም ማገላበጥ ሊኖርበት ነው።

በካሽ ሬጅስተር የሚወጣ ደረሰኝ ላይ FS No. የሚል ቁጥር አለ። እሱን የሚሰጠው ማሽኑ ስለሆነ እኛ አንመርጠውም፤ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ቆጠራ ይዞ ይሄዳል። በጥራዝ የሚታተመው ማኑዋል ደረሰኝም ከማተሚያ ቤት ቁጥሩ ተጽፎበት ነው የሚመጣው። በእጃችን ያለው በሂሳብ ሶፍትዌሩ ወይም በኤክሴሉ ላይ የምንሰጠው የድርጅቱ የራሱ ቁጥር ነው። ቅርንጫፎቹን የሚያገናኘው እሱ ነውና ምርጫው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ባለቤቶች መጀመሪያ የሚያስቡት ለሦስቱም ሱቆች አንድ ተራ ቁጥር መስጠትን ነው። ሦስቱም ሁልጊዜ በአንድ ሲስተም ላይ ከተገናኙ ያስኬዳል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ሐዋሳ ያለው ሻጭ ቀጣዩን ቁጥር ከየት ያምጣ? ያኔ ቁጥር በጥቅል ማከፋፈል ይጀመራል፤ ለሐዋሳ ከ1001 እስከ 2000፣ ለባሕር ዳር ከ2001 እስከ 3000። ሐዋሳ 1640 ላይ ሳለ ዓመቱ ይዘጋና ኦዲተሩ «ከ1641 እስከ 2000 ያሉት የት ሄዱ?» ይላል። አልተቆረጡም ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ማሳመኑ ነው ከባዱ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ተከታታይ ቁጥር መስጠት ይሻላል፤ ከፊቱ የማይለወጥ አጭር መለያ ይግባበት። ለምሳሌ፦

```
MK-018422
HW-004318
BD-002907
```

መለያው የቅርንጫፉ እንጂ የሰፈሩ አይሁን። ሱቁ ከፒያሳ ተነስቶ ሌላ ቦታ ቢገባም መለያው አብሮት ይሄዳል። ቅርንጫፉ ቢዘጋም መለያውን ለሌላ አይስጡት። ዜሮዎቹም ለጌጥ አይደሉም፤ ፊደል ያለበትን ቁጥር ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚደረድረው፣ ያለ ዜሮ HW-1000 ከHW-999 በፊት ይመጣል። በቀን 40 ደረሰኝ በዓመት 300 የሥራ ቀን የሚቆርጥ ሱቅ በዓመት 12,000 ይሆንለታል። አምስት አሃዝ በስምንት ዓመት ገደማ ያልቃል፤ ስድስት አሃዝ ከሰማንያ ዓመት በላይ ያስኬዳል።

አሁን ዓመቱን እንይ። የእኛ አገር ነጋዴ በአብዛኛው ግብሩን የሚያሰላው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ዘመን የሚለወጠው ግን መስከረም 1 ቀን ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 የተቆረጠ ደረሰኝ የ2017 በጀት ዓመት ሽያጭ ነው። ቁጥሩ በየመስከረሙ ከ1 የሚጀምር ከሆነ የበጀት ዓመቱ ዝርዝር ከ10,000 አካባቢ ይነሳና ሁለት ወር ሄዶ ድንገት 1 ላይ ይወድቃል። በየሐምሌው መጀመርም ይቻላል፤ ግን ያኔ የበጀት ዓመቱን ከቁጥሩ ጋር መጻፍ ግድ ነው፤ ቀኑ 2016፣ ቁጥሩ 2017 የሚልበትን ደረሰኝ ለደንበኛ ማስረዳትም ይከተላል። በእኔ ግምት ዓመቱን ቀኑ ይናገር፤ ቁጥሩ ሳይመለስ ወደፊት ይቁጠር።

እንዲህ ሲሆን ቁጥጥሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሐዋሳ የሐምሌ ወር የመጀመሪያው ደረሰኝ HW-004318፣ የመጨረሻው HW-005090 ቢሆን፣ ከ5090 ላይ 4318 ቀንሶ 1 መደመር ነው፤ 773 ደረሰኝ መኖር አለበት። የተመዘገበው 771 ከሆነ ሁለት ጎድለዋል። ከማሽኑ የዕለት ዜድ ሪፖርት ጋር እየተያየ የትኛው ቀን ላይ እንደጎደለ ይገኛል፤ ለዚህም በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ FS No. እና የማሽኑ መለያ አብሮ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሶፍትዌሩ ነው፦ ሻጩ ሽያጩን ገና ሲከፍት ቁጥር ይሰጥና ደንበኛው ሐሳቡን ሲቀይር ቁጥሩ ይጠፋል። ቁጥር የሚሰጠው ሽያጩ ሲጸድቅ ይሁን። ከጸደቀ በኋላ የተበላሸውም ተሰርዟል ተብሎ ከነምክንያቱ በቦታው ይቀመጥ እንጂ ቁጥሩ ለሌላ ሽያጭ አይሰጥ።

አሠራሩን ለመቀየር ያሰባችሁ የበጀት ዓመት መሐል ላይ አትጀምሩ፤ ሐምሌ 1 ቀን ይሁን። የየቅርንጫፉን የመጨረሻ አሮጌ ቁጥርና የመጀመሪያ አዲስ ቁጥር በአንድ ገጽ ጻፉ፣ ፈርሙበት፣ ከሂሳብ መዝገቡ ጋር አስቀምጡት።