ባቡሩን አትሰርዙት

«እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ ባቡር ዘርግተው ነበር፤ ቴሌግራፍም ተጠቅመዋል።»

ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ ቀዩን እስክሪብቶ ታነሣላችሁ። እኛ የምናውቀው ባቡር የጅቡቲው ነው፤ እሱም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ተማሪው ግን ልክ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ላይ ከባሕር ወርዶ ወደ መቅደላ ሲነሣ፣ ስንቅና መሣሪያውን ከወደቡ በአቅራቢያው ወዳለው ተራራ ግርጌ የሚያደርስ አጭር ሐዲድ ዘርግቷል፤ የቴሌግራፍ ሽቦም ዘርግቷል። ከሕንድ ዝሆኖች አስመጥቷል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችም አብረውት ነበሩ። ዘመኑን የሳተ የሚመስል ነገር ሁሉ ዘመኑን የሳተ አይደለም። ስለዚህ ከመሰረዛችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ።

ቀን ካነሣን አይቀር፣ እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መቅደላ በሚያዝያ 1868 ወደቀች፤ በእኛ አቆጣጠር 1860 መሆኑ ነው። «ቆንስል ካሜሮን በ1864 ታሰረ፣ ንጉሡ በ1860 ሞቱ» የሚል መልስ እስረኛው የታሰረው አሳሪው ከሞተ በኋላ ያስመስላል። ልጁ ግን አንዱን ዓመት ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ሌላውን ከአማርኛ መጽሐፍ ነው የወሰደው። ይሄ የአቆጣጠር ችግር ስለሆነ እንደዚያው ይታረማል፤ ስለ ዘመኑ ያለውን ግንዛቤ አይነካም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል፦ አፄ ቴዎድሮስ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ለምን ፈለጉ? ካህናቱስ ለምን ተቃወሙ? ነጥቡ ከ10 ነው፤ አራቱ ለንጉሡ ምክንያት፣ አራቱ ለካህናቱ ምክንያት፣ ሁለቱ ለማስረጃ። በየክፍሉ ደጋግሜ ከማገኛቸው መልሶች አንድ ላይ ያዘጋጀሁት ይኸውላችሁ፦

«ቴዎድሮስ ዘመናዊ መሪ ስለነበሩ ሃይማኖትና መንግሥትን መለየት ፈለጉ። ለመከላከያ ሠራዊቱ ደመወዝ የሚሆን በጀትም ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል አሉ። ካህናቱ ግን ኋላ ቀር ስለነበሩ ልማትን ተቃወሙ።»

ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ልጀምር፤ ለዓይን የሚያስጠላው እሱ ነው። «መከላከያ ሠራዊት»፣ «በጀት»፤ ሁለቱም ከዜና የመጡ ናቸው። ግን ስያሜዎቹን አውጥታችሁ በዘመኑ አነጋገር ተኩባቸው፤ ንጉሡ ወታደራቸው ገበሬው ቤት እየገባ ከሚበላ ደመወዝ እንዲቆረጥለት ፈለጉ፣ ለዚያ ደግሞ ገቢ ያስፈልጋቸው ነበር። ይሄ እውነት ነው። በምክንያቱ ላይ የተጎዳ ነገር የለም፤ ልብሱ ብቻ ነው የዛሬ። ከአራቱ ሦስት እሰጠዋለሁ፣ ጎኑ ላይም «በዚያን ጊዜ ወታደር በምን ይኖር ነበር?» ብዬ እጽፋለሁ። የቀረችው አንዷ ነጥብ የዚህ መልስ ናት።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አንድም የሚያስደነግጥ ቃል የለበትም። የከፋው ግን እሱ ነው። እዚያም ላይ ያንኑ አድርጉ፤ የዛሬውን ሐሳብ አውጡትና የሚቀረውን እዩ። «ሃይማኖትና መንግሥትን መለየት» ሲወጣ ምንም አይቀርም፤ «ስለነበሩ» የሚለው ማያያዣ የቆመው በእሱ ላይ ነበርና። ደግሞም የምናውቀው ሁሉ ይቃረነዋል። ደረስጌ ማርያም ላይ በ1855 የቀቧቸው አቡነ ሰላማ ናቸው። ቴዎድሮስ የሚለው የንግሥና ስም ራሱ የመጣው ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ከሚለው ትንቢት ነው። ከመንገሣቸው በፊትም ከአቡኑ ጋር ተስማምተው የጸጋ ልጅ ባዮችን ወደ ተዋሕዶ አስገብተዋል። ይህ ሃይማኖትን ከመንግሥት ከሚለይ ሰው የሚጠበቅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኗን አንድ አድርጎ ከዙፋኑ ጋር የሚያስር ሰው ሥራ ነው። ለዚህ ዓረፍተ ነገር ነጥብ የለም። ግን ከሌላው ላይም አልቀንስበትም፤ ባዶ ያገኘበትን ስሕተት ሁለተኛ ጊዜ ማስከፈል ቅጣት ነው እንጂ እርማት አይደለም።

ሦስተኛው ላይ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ሁለቱን የማስረጃ ነጥብ ወስዷል።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ኋላ ቀር ስለነበሩ» ምክንያት ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው። ከእኛ ወደ ኋላ ስናይ ካህናቱ ከእኛ በስተኋላ መሆናቸውማ ግልጽ ነው፤ ይሄ ስለ እነሱ ምንም አይነግረንም። ሙከራው ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚነገርለት ሰው ራሱ ሊለው ይችል ነበር ወይ? በ1860 ገደማ መሬቱ ሲወሰድበት አንድ ደብተራ «ኋላ ቀር ስለሆንኩ ተቃወምኩ» አይልም። የሚለው መሬቱ አገልግሎቱ የቆመበት መሆኑን፣ ነገሥታት ለነፍሳቸው የሰጡትን ሌላ ንጉሥ ሊነጥቅ እንደማይገባው፣ ከሁለቱ ቄስና ከሦስቱ ዲያቆን የተረፈው ካህን የት ይሂድ የሚለውን ነው። ከነዚህ አንዱን የጻፈ ተማሪ አራቱን ለማግኘት ይቀርባል። የእኛው መልስ ግን መቃወማቸውን ብቻ ስላወቀ አንድ ያገኛል። ድምሩ ስድስት።

ለማየት የሚያስቸግር ሌላ ዓይነት ስሕተት አለ። «ቴዎድሮስ ካሜሮንን ያሰሩት ደብዳቤያቸው ለንደን ውስጥ መዝገብ ቤት መጣሉን ስላወቁ ነው።» እዚህ ላይ ባዕድ ቃል የለም፤ ደብዳቤውም በእርግጥ ተጥሎ ነበር። ግን ይህን የምናውቀው እኛ ነን፤ የእንግሊዝን መዝገብ የከፈቱ ሰዎች ስለነገሩን። ንጉሡ የሚያውቁት በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ለላኩት ደብዳቤ መልስ እንዳልመጣ፣ ካሜሮንም ጠላቶቻቸው ግብፆች ወደያዙት አገር ደርሶ ባዶ እጁን መመለሱን ነው። «ስላወቁ» የሚለው ግስ ሥር አስምሩና «ከማን ሰሙ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ስለጠረጠሩ» ቢል ኖሮ ሙሉ ነጥብ ነበረው።

የመጨረሻው ነገር ተማሪዎች «በዛሬ ሚዛን አትመዝኑ» ሲባሉ የሚሸሹበት ጉድጓድ ነው፤ «ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ሁሉም ሰው ጨካኝ ነበር» ይላሉ። ይሄም ያለፈውን ዘመን አለማየት ነው፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች ሁሉ አንድ ልብ እንደነበሩ አድርጎ ያቀርባቸዋል። በ1866 ጎንደር ስትቃጠልና አብያተ ክርስቲያናቷ ሲዘረፉ ዘመኑ ራሱ ደንግጧል። የንጉሡ ዜና መዋዕሎች እንኳ አይስማሙም፤ ደብተራ ዘነብ ያወድሳሉ፣ አለቃ ወልደ ማርያም በኋለኞቹ ዓመታት ላይ መራራ ናቸው። ስለዚህ ፍርዱን አንከልክል፤ ፈራጁን እንጠይቅ። «ጎንደርን በማቃጠላቸው፣ ያምኗቸው የነበሩ ካህናት ሳይቀሩ ጨካኝ አሏቸው» ብሎ የጻፈና ከዜና መዋዕሉ የጠቀሰ ተማሪ፣ «ጨካኝ» የሚል ቃል ስለተጠቀመ አንድም ነጥብ አይቀነስበትም።