በ38 ዶላር ቤንዚን የተያዘው 175 ዶላር

አንድ ወዳጄ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ይሠራል። አንድ ዓርብ ማታ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማደያ ገብቶ ዴቢት ካርዱን መቅጃው ላይ አስገባና በ38 ዶላር ከ40 ሳንቲም ቤንዚን ቀዳ። ከዚያ ለቤት እንጀራና ሥጋ ሊገዛ የሐበሻ ሱቅ ጎራ አለ። ሒሳቡ 52 ዶላር ሆነ። ካሸር ላይ ያለችው ልጅ ካርዱን ሁለት ጊዜ ሞከረችና፣ «ጋሼ፣ ዲክላይን ይላል» አለችው። ጠዋት ባንክ ውስጥ 212 ዶላር እንዳለው አይቷል። ተሰርቄያለሁ ብሎ ደወለልኝ።

የባንኩን አፕ ክፈት አልኩት። ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። Current balance የሚለው 212 ዶላር፣ Available balance የሚለው ደግሞ 37 ዶላር ብቻ ይላል። ከሥር Pending ከሚለው መስመር አጠገብ የማደያው ስምና 175 ዶላር ተጽፏል። የተሰረቀ ገንዘብ የለም። 175ቱ ዶላር አሁንም የእሱ ነው፤ ባንኩ ግን አጥሮ ይዞበታል። እዚህ አገር ያለን ሰዎች ሆልድ የምንለው ይህንን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው መቅጃው ስንት እንደምንቀዳ ባለማወቁ ነው። ሱቅ ውስጥ ዕቃው ተደምሮ ዋጋው ከታወቀ በኋላ ካርድ እንሰጣለን። ማደያ ላይ ግን ካርዱ ይቀድማል፣ ቤንዚኑ ይከተላል። ስለዚህ ማሽኑ ቤንዚኑን ከመልቀቁ በፊት ለባንኩ፣ «ይህ ሰው እስከዚህ ድረስ መክፈል ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ እሺ ካለ፣ ያንን ያህል ገንዘብ ሌላ ቦታ እንዳይወጣ ይይዛል። ቪዛና ማስተርካርድ የጥያቄውን ጣሪያ በ2022 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ከ125 ወደ 175 ዶላር ከፍ አድርገውታል። ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ አንዱ ማደያ 175 ይጠይቃል፣ ሌላው 100፣ ሌላው ደግሞ ካርዱ የሚሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ 1 ዶላር። 1 ዶላር ሲጠየቅም ቢሆን አንዳንድ ባንክ በራሱ ውሳኔ ከዚያ የበለጠ ይይዛል። አንድ ሰው በአንድ ካርድ ሁለት ማደያ ቀድቶ ሁለት የተለያየ ነገር የሚያየው ለዚህ ነው።

ቀድተን ስንጨርስ ማደያው ሁለተኛ መልእክት ይልካል፦ «የቀዳው በ38 ከ40 ነው።» መልእክቱ በጊዜ ደርሶ ባንኩ ከሠራበት፣ 175ቱ ወዲያው ወይም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 38 ከ40 ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ሆልድ መኖሩን እንኳ የማያውቀው ነገሩ በዚህ መንገድ በጸጥታ ስለሚያልቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው መልእክቱ ሲዘገይ ወይም ባንኩ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር ማገናኘት ሲያቅተው ነው። ያኔ ሆልዱ ዋናው ሒሳብ ከማደያው ባንክ እስኪመጣ ይቆያል። ሒሳቡ ደግሞ የሚወራረደው በሥራ ቀን ነው። ዓርብ ማታ የተቀዳ ቤንዚን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሊደርስ ይችላል። ወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቅዳሜ ከካርዱ በራሱ የሚቆረጠው የ60 ዶላር የስልክ ሒሳብም ገንዘብ የለም ተብሎ ተመለሰ፤ ባንኩ የሚያየው 212ቱን ሳይሆን 37ቱን ነውና።

ሰኞ ጠዋት አፑን ሲከፍት 38 ከ40 Posted ተብሎ ተመዝግቧል፣ 175ቱ የለም። ቀሪው 173 ከ60 ሆኗል። «መለሱልኝ የሚል ነገር ግን አላየሁም» አለኝ። አያይም። ሆልድ ወጪ ስላልሆነ ተመላሽ ተብሎ አይጻፍም፤ ዝም ብሎ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ በወሩ የባንክ መግለጫ ላይም አይታተምም። ለአንድ ቀን 175ም 38 ከ40ም ጎን ለጎን ከታዩ፣ ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ ብሎ ለመክሰስ መቸኮል አያስፈልግም። ሁለቱም Posted ከሆኑ ግን ያ ሆልድ አይደለም፤ ያኔ ባንኩ ጋ አቤት ማለት ይገባል።

ገንዘቡ ጠባብ ለሆነ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው። ካርዱን መቅጃው ላይ ከማስገባት ይልቅ ገባ ብሎ ለካሸሩ «አራት ቁጥር ላይ 40 ዶላር» ማለት ነው። የሚጠየቀው 40 ብቻ ይሆናል፣ ያልተቀዳው ሳንቲምም ይስተካከላል። በክሬዲት ካርድ መቅዳትም ይሻላል። ሆልዱ እዚያም አለ፤ ነገር ግን የሚያጣብበው የብድር ጣሪያውን ነው እንጂ የቤት ኪራይ የተቀመጠበትን ሒሳብ አይነካም፣ ወለድም አይታሰብበትም።

ሆቴል ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ገንዘቡም ይበዛል፣ ቀኑም ይረዝማል። ለዘመድ ሠርግ ሦስት ሌሊት ያደርን ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ክፍሉ በሌሊት 140 ዶላር ነበር፤ ከነግብሩ 474 ከ60 መጣ። ስንገባ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ዴቢት ካርዴን ተቀብሎ፣ ለምግብና ለሚሰበር ዕቃ መያዣ በሌሊት 50 ዶላር ጨምሮ 624 ከ60 ያዘ። ስንት እንደሚይዝ አልጠየቅኩም። ስንወጣ እህቴ «እኔ ልክፈል» ብላ ሒሳቡን በራሷ ካርድ ዘጋችው።

ጉዳቱ ያኔ ነው የተፈጠረው። በያዙት ካርድ ቢከፈል ኖሮ፣ የመጨረሻው ሒሳብ ከሆልዱ ጋር ተገናኝቶ ትርፉ ይለቀቅ ነበር። በሌላ ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ግን ከመጀመሪያው ካርድ የሚመጣ ሒሳብ ስለሌለ፣ ሆቴሉ «ልቀቁት» የሚል መልእክት ለብቻው መላክ አለበት። ካልላከ ባንኩ የራሱ ቀን እስኪሞላ ይዞ ይቀመጣል። ብዙ ባንክ በአንድ ሳምንት ገደማ ይለቃል፤ የካርድ ኩባንያዎቹ ደንብ ግን የሆቴል ሆልድ እስከ አንድ ወር ገደማ ሊቆይ እንዲችል ይፈቅዳል። እኛ እሑድ ወጣን፤ ማክሰኞም 624 ከ60 Pending ላይ ነው።

መጀመሪያ ባንኩ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ በትሕትና፣ ያስያዘው ሆቴሉ ስለሆነ ያለ እሱ ቃል መልቀቅ እንደማትችል ነገረችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ሆቴሉ ነገ ሒሳቡን ቢልክ ባንኩ ዕዳ ውስጥ ይገባል። የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር፦ ባለስድስት አሃዝ የፈቃድ ቁጥሩን። ሰጠችኝ። ከዚያ ሆቴሉ ጋ ደውዬ፣ እንግዳ መቀበያውን ሳይሆን የሒሳብ ክፍሉን እንዲያገናኙኝ ጠየቅኩ። የሒሳብ ክፍል ቅዳሜና እሑድ ብዙ ጊዜ ሰው የለውም፤ በሥራ ቀን ጠዋት መደወል ይሻላል። ያገኘኋት ሴት ቁጥሩን ስነግራት ወዲያው አገኘችው። እሷን መስመር ላይ አቆይቼ ባንኩን ጨመርኩ፣ ሦስታችን አንድ ላይ ሆንን። የካርዴን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ ቀኑንና የፈቃድ ቁጥሩን ተነጋገሩ፤ ሒሳቡ በሌላ ካርድ መዘጋቱን አረጋገጠችለት። ጥሪው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። በነጋታው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ Available balance የሚለው ቁጥር ከ Current balance ጋር እኩል ሆኖ አገኘሁት።