ጠርዝ ነው ወይስ መስመር? በደረት ራጅ ላይ የቆዳ እጥፋት ሲያሳስት

በድንገተኛ ክፍል የተኙ አንዲት የ72 ዓመት አዛውንት እናስብ። ከስተዋል፣ የጀርባቸው ቆዳ ላልቷል፣ ትንፋሻቸውም ፈጠን ብሏል። ተደግፈው እንኳ መቀመጥ ስላልቻሉ የራጅ ባለሙያው ፕሌቱን ከጀርባቸው ሥር አስገብቶ እንደተኙ አነሣቸው። ፊልሙን ያየው የሕክምና ተማሪ በቀኝ ሳንባ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር አየና «ኒሞቶራክስ ነው» አለ።

ኒሞቶራክስ ማለት አየር ከሳንባው ወጥቶ ወይም በቁስል ገብቶ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ሲጠራቀም ነው። ሳንባው ከግድግዳው ይላቀቅና ይሸሻል። መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ሐኪሙ በጎድን አጥንቶች መካከል ቱቦ ያስገባል። ምርመራው የተሳሳተ ከሆነ ግን ያ ቱቦ የሚገባው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ወደሚተነፍስ ጤናማ ሳንባ ነው። ሳንባውን ሊወጋ፣ ደም ሊያፈስ፣ ያልነበረውን ኒሞቶራክስ ራሱ ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ያየውን ነገር ቀረብ ብሎ መመርመር አለበት።

በእውነተኛ ኒሞቶራክስ የሚታየው የሳንባው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በውስጥ በኩል የሳንባው አየር፣ በውጭ በኩል ደግሞ ያመለጠው አየር ስላለው በሁለት ጥቁር መካከል እንደ እርሳስ ጭረት የቀጠነ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። ብዙ ተማሪ የሸሸው ሳንባ ነጭ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል፤ ጥቂት ብቻ ሲሸሽ ግን አየሩ ሲቀንስ የደም ፍሰቱም አብሮ ስለሚቀንስ ንጣቱ ብዙም አይለወጥም።

የቆዳ እጥፋት መስመር የለውም፤ ያለው ጠርዝ ነው። የላላው ቆዳ በፕሌቱና በጀርባው መካከል ተጨምቆ ሲታጠፍ፣ ጨረሩ በዚያ ቦታ ተጨማሪ ሥጋ ያልፋል። ስለዚህ ከመሐል ወደ ውጭ ስንሄድ ንጣቱ ቀስ በቀስ እየደመቀ ይመጣና እጥፋቱ ሲያበቃ በድንገት ይጠቁራል። ዓይናችን ደግሞ ይህን የድንገት ለውጥ ያጋንነዋል፤ ከጠርዙ አጠገብ በእውነት የሌለ ጥቁር ጭረት ያሳየናል። ይህን የዓይን ጠባይ በ1865 የገለጸው ኤርነስት ማኽ የተባለው የኦስትሪያ ፊዚክስ ሊቅ ነው።

ወደ አዛውንቷ ፊልም እንመለስ። ተማሪው መጀመሪያ ያየውን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተለው። የሳንባ ሽፋን ከደረት ክፍተት ሊወጣ አይችልም፤ የደረቱን ግድግዳ ቅርጽ ተከትሎ ይጎብጣል። የእኚህ እናት ግን ወደ ታች ሲወርድ ዲያፍራሙን ተሻግሮ ሆዳቸው ላይ ደርሷል። ይህ ብቻውን ጉዳዩን ከሞላ ጎደል ይፈታዋል። ቀጥሎ ከጠርዙ ውጭ የሳንባ ደም ሥሮች አሉ ወይ ብሎ ብርሃኑን አስተካክሎ ይፈልግ። እዚህ ላይ ቀጫጭን ሥሮች ጠርዙን አልፈው ወደ ግድግዳው ሲሄዱ ይታያሉ፤ ያለ ሳንባ ደግሞ የሳንባ ደም ሥር የለም። ይህ ምልክት ግን ወሰን አለው። በጤናማ ሳንባም ቢሆን ግድግዳው አጠገብ ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ደም ሥሩ በጣም ስለሚቀጥን ባዶ ይመስላል፤ በኤምፊዚማ የተጎዳ ሳንባ ላይ ደግሞ የበለጠ ይጠፋል። «ደም ሥር አላየሁም» ማለት ብቻውን ቱቦ አያስገባም።

ጥርጣሬው ካልለቀቀ አልትራሳውንድ አልጋው አጠገብ ይደረጋል። ሳንባው ከግድግዳው ሥር ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተት ከታየ በዚያ ቦታ ኒሞቶራክስ የለም። መንሸራተቱ አለመታየቱ ግን በሽታው አለ ማለት አይደለም፤ በድሮ ሕመም የተጣበቀ ሳንባም አይንሸራተትም። ሌላው መንገድ ቆዳውን አቃንቶ ራጁን መድገም ነው። የአዛውንቷ ፊልም በዚህ መልክ ሲደገም ጠርዙ ጠፋ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። የተኛ ሰው ደረት ውስጥ የገባ አየር ወደ ፊትና ወደ ታችኛው ደረት ስለሚሄድ፣ ነጩ መስመር ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ያኔ ፍንጩ በአንድ ወገን ያለው የጎድንና የዲያፍራም ማዕዘን ከልክ በላይ ጠልቆና ጠቁሮ መታየቱ ነው። ስለዚህ ተኝቶ የተነሣ ፊልም መስመር ባያሳይም በሽታው የለም ተብሎ አይደመደምም።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ላለው በሽተኛ ነው። የደም ግፊቱ እየወረደ፣ የአንገት ሥሩ ተነፍቶ፣ በአንድ ወገን የትንፋሽ ድምፅ ጠፍቶ የመጣን ሰው ለራጅ አትላከው፤ አየሩ ሳይዘገይ መውጣት አለበት፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ ይነሣል።