ስካራ ክንድ፦ ዕቃ አንስቶ የማስቀመጥ ጂኦሜትሪ

በነፃ የሚንቀሳቀስ ግትር አካል ስድስት የእንቅስቃሴ ነፃነቶች አሉት፤ ሦስቱ ቦታውን፣ ሦስቱ አዟዟሩን ይወስናሉ። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የሚቀርብ ዕቃ ግን ወደ ጎን ማዘንበል ስለማያስፈልገው አራቱ ይበቁታል፦ x፣ y፣ z እና በቁም ዘንግ ዙሪያ የሚዞርበት አንግል። ስካራ የተባለው ሮቦት ክንድ የተቀረጸው ለዚህ ሥራ ነው። በጃፓኑ ያማናሺ ዩኒቨርሲቲ ሂሮሺ ማኪኖ የመጀመሪያውን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። ትከሻውና ክርኑ በአግድም ይዞራሉ፤ የቁም ዘንጉ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ በራሱ ዙሪያም ይሽከረከራል።

የክንዱን ሁኔታ በሁለት መንገድ መግለጽ ይቻላል። ሞተሮቹ የሚያውቁት የመጋጠሚያዎቹን አንግል ሲሆን፣ ሥራው የሚሰጠው ግን በካርቴዢያን ነጥብ ነው። L1 እና L2 የሁለቱ የክንድ ክፍሎች ርዝመት፣ θ1 የትከሻው፣ θ2 የክርኑ አንግል ሲሆኑ፣ ከአንግል ወደ ነጥብ መሄድ ቀላል ነው፦

```
x = L1·cos(θ1) + L2·cos(θ1+θ2)
y = L1·sin(θ1) + L2·sin(θ1+θ2)
```

የተገላቢጦሹ ስሌት ግን ከአንድ በላይ መልስ አለው። ሁለቱም የክንዱ ክፍሎች 300 ሚሊሜትር ይሁኑ፤ ዕቃው ደግሞ x=300፣ y=300 ላይ ይቀመጥ። ትከሻው 0°፣ ክርኑ 90° ሲሆን መያዣው እዚያ ይደርሳል፤ ትከሻው 90°፣ ክርኑ −90° ሲሆንም እንዲሁ። ክርኑ በየትኛው በኩል እንደሚታጠፍ በፕሮግራሙ ካልተወሰነ፣ ነጥቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ክንዱ በድንገት በሌላው ወገን ዞሮ አጠገቡ ካለ ነገር ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ዕቃው ከዚያ ተነስቶ x=300፣ y=−300 ላይ ይቀመጥ እንበል። ክርኑ 90° እንደሆነ ይቆያል፤ ትከሻው ብቻ ከ0° ወደ −90° ይዞራል። በመጋጠሚያ እንቅስቃሴ ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው፤ ነገር ግን መያዣው የሚሄደው 424 ሚሊሜትር ራዲየስ ባለው ቅስት ላይ ስለሆነ መሃል ላይ ከቀጥታው መስመር 124 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ የካሜራ ምሰሶ ቢቆም መያዣው ይመታዋል። በካርቴዢያን እንቅስቃሴ ቀጥታውን ለመጠበቅ ደግሞ ክርኑ መሃል ላይ እስከ 120° ታጥፎ እንደገና መመለስ ይኖርበታል። ስለዚህ ባዶውን ርቀት በመጋጠሚያ እንቅስቃሴ መሻገር፣ ዕቃው ላይ መውረድንና ከዕቃው መነሳትን ግን በቀጥታ መስመር ማድረግ የተሻለ ነው። ስካራ ለቁሙ የራሱ መጋጠሚያ ስላለው ይህ አያስቸግረውም፤ ስድስት መጋጠሚያ ባለው ክንድ ግን ቀጥ ብሎ መውረድ ብዙዎቹን መጋጠሚያዎች በአንድነት ማንቀሳቀስ ይጠይቃል።

የቀጥታ መስመር ዋናው ችግር የሚመጣው ክንዱ ተዘርግቶ ሊያልቅ ሲል ነው። ክርኑ 90° አካባቢ ሲሆን መያዣውን 1 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ለመግፋት ሩብ ዲግሪ ያህል ይበቃል። ከ599 ወደ 600 ሚሊሜትር ለመድረስ ግን ክርኑ 6.6° መዞር አለበት። የመያዣው ፍጥነት አንድ ዓይነት እንዲሆን ከታዘዘ የክርኑ ፍጥነት በዚያው ልክ ያሻቅባል፤ መቆጣጠሪያውም የፍጥነት ስህተት አሳይቶ ያቆማል፣ ወይም እንቅስቃሴው ጠርዙ ላይ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ምክንያት ማንሻና ማስቀመጫ ነጥቦች ከክንዱ ሙሉ ዝርጋታ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይተከላሉ።