ሃያ ደቂቃ ያልሠራ ካርድ አይገዛም

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ የሚፈልግ ሰው አርኤክስ 580 የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ይህ ካርድ ባለ 8 ጊጋባይቱ ዛሬም ለጌምና ለቪዲዮ ሥራ ያገለግላል፤ ርካሽም ነው። የመርከሱ አንዱ ምክንያት ኤተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ነው። እስከ መስከረም 2022 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የሚመረተው በግራፊክስ ካርድ ስለነበር፣ አሠራሩ ሲቀየር ቀን ከሌት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በገፍ ወደ ገበያ ወጡ።

ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ የሞተ ነው የሚባለውን አልቀበልም። ቺፑ በአንድ ዓይነት ሙቀት መሥራቱ ብዙም አይጎዳውም። የሚያልቁት ፋኑና የካርዱ ሜሞሪ ናቸው። ችግሩ ሻጩ ካርዱን ሰክቶ ዴስክቶፑን ቢያሳይዎት ሁለቱም አይታወቁም።

ከመሰካቱ በፊት ካርዱን በእጅዎ ይያዙት። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው ገመድ የሚገባበትን ጥቁር ፕላስቲክ በስልክ መብራት ይዩት፤ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ጠርዙ ቀልጦ ወይም ቡናማ ሆኖ ከሆነ እዚያው ይተዉት። ፋኑን በጣትዎ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ሻካራ ነገር ከተሰማዎት ወይም ወዲያና ወዲህ ከተወላገደ ማስለወጫውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ቡሎኖቹ ተፈተው ቢያገኟቸው ግን አይደንግጡ። ፓስታውን ለመቀየር የከፈተ ሰው ካርዱን አልበደለውም፤ ለምን እንደተከፈተ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

ቀጥሎ GPU-Z የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በራስዎ ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ሲከፈት Shaders የሚለውን መስመር ይፈልጉ። እውነተኛው አርኤክስ 580 እዚያ ላይ 2304 ይላል። 2048 ካለ፣ ስሙ 580 ሆኖ አቅሙ የ570 የሆነው፣ ለቻይና ገበያ የተሠራው ዓይነት ነው። ይህ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ የ580 ዋጋ ግን አይከፈልበትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ያረጀ የኢንቪዲያ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ሞዴል ስም የሚሸጠው ነው። አዳዲሶቹ የ GPU-Z ቅጂዎች እንዲህ ያለውን ሲያውቁት ከስሙ ፊት [FAKE] ብለው ይጽፉበታል።

ዋናው ፈተና አሁን ይመጣል። FurMark የተባለውን ፕሮግራም አስነስተው፣ በጎን የ GPU-Z ን Sensors ገጽ ከፍተው ሃያ ደቂቃ ይቀመጡ። ሥራ ሲፈታ ፋኑ የሚቆም ካርድ ብዙ ስለሆነ ገና ሳይጀመር ዝም ማለቱ ብልሽት አይደለም። ሙቀቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በፍጥነት ይወጣና ከ70 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ መርጋት አለበት። ፋኑ እየጮኸ ከ85 በላይ መውጣቱን ከቀጠለ ብዙ ጊዜ ፓስታው ደርቋል ማለት ነው፤ ይህ በትንሽ ገንዘብ ይስተካከላል። ስክሪኑ ድንገት ጠቁሮ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ቢጮህ ግን መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ይጠርጥሩ፤ በሌላ ሞክረው ያው ከሆነ ካርዱ ነው።

FurMark ሜሞሪውን በሙሉ አይነካውም። ስለዚህ OCCT በተባለው ፕሮግራም ውስጥ VRAM የሚለውን ፈተና ለብቻው ያስኪዱ። እዚህ ላይ ድርድር የለም፤ አንድ ስህተት እንኳ ከቆጠረ ካርዱን ይመልሱ። ዛሬ አንድ የሆነው ስህተት ነገ በስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ይመጣል። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው ካርዱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና እንደገና ያስነሱ። ብየዳው ተሰንጥቆ በሙቀት ለጊዜው የተያያዘ ካርድ ሞቆ ሠርቶ ቀዝቅዞ እንቢ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው አንዳንዴ ከዚህም ፈተና ያመልጣልና የአንድ ሳምንት መመለሻ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ፕሮሰሰር ከግራፊክስ ካርድ ይልቅ ብዙም አይበላሽም። የኤኤምዲ ራይዘን ኤኤም4 ከሆነ ከሥሩ ያሉትን ፒኖች በረድፍ በረድፉ ገደም አድርገው ይዩ፤ የጎበጠ ይቃናል፣ የተሰበረ ግን አጉል ቁማር ነው። የኢንቴል ክዳን ላይ በሞዴል ስም ፋንታ INTEL CONFIDENTIAL የሚል ጽሑፍ ካለ ለሙከራ የተሠራ ናሙና ስለሆነ ይተዉት።

ከኢንቴል በተለይ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ኮር አይ9 ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ የተነሳ የሚጎዱ መሆናቸው ታውቆ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 የባዮስ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ማስተካከያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። የተጎዳው ፕሮሰሰር ጌም ሲከፈት "Out of video memory" የሚል መልእክት ያመጣል። ይህን ያየ ገዢ ምንም ያልሆነውን ግራፊክስ ካርድ ተሸክሞ ከሻጩ ጋር ሊጣላ ይሄዳል።