ስሙ መጨረሻ ይጠራ
600 ተመራቂዎች ስማቸው እየተጠራ መድረክ ላይ ሲያልፉ፣ ለእያንዳንዳቸው 5 ሴኮንድ ቢደርስ እንኳ 50 ደቂቃ ይሄዳል። የመድረክ መሪው ጽሑፍ የሚፈተነው ግን በመሸጋገሪያዎቹ ነው። ተናጋሪውን ሲጋብዝ ስማቸውን ካስቀደመ፣ ማዕረጋቸው ተነቦ ሳያልቅ ተነሥተው መሐል መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ጭብጨባውም ይበተናል። ስለዚህ ኃላፊነታቸው ይቀድማል፣ ስማቸው የመጨረሻው ቃል ይሆናል።

«መውጫ የዘጋችሁ መኪና አንሡ» የሚለው ማስታወቂያ አንዱ ፋኩልቲ ወርዶ ሌላው እስኪሰለፍ ባለው ክፍተት ይነበባል። ከንግግር በፊት ከገባ ግን ተናጋሪው ወንበር እየለቀቀ ለሚወጣ ሰው ይናገራሉ።

የክብር እንግዳው ከዘገዩስ? ግብዣቸው ለብቻው ገጽ ላይ ከተጻፈ ገጹን ከሽልማቱ በኋላ ማዛወር ነው። ችግር የሚመጣው የሽልማቱ ገጽ «ቅድም እንደሰማነው ንግግር» ብሎ ሲጀምር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሐረግ ከዋዜማው መሰረዝ ይሻላል።